«ሂደቱ የት ደርሶ ይሆን?»

ሁለተኛ ኢንተርቪው የገባ ሰው ያለበት ቤት ጥያቄው አንድ ነው፦ «ደወሉልሽ?» መጀመሪያ እናት ትጠይቃለች፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ከዚያ ማን እንደነገረው የማይታወቅ አጎት። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሁሉም አፉን ይዞ በዐይኑ ብቻ መጠየቅ ይጀምራል። ባለጉዳይዋም «ልጻፍላቸው ወይስ ልተወው?» እያለች ስልኳን ታገላብጣለች።

እኔ ይህን ነገር የማውቀው ከወዲያኛው የጠረጴዛ ጎን ነው። ስድስት ዓመት በአንድ ድርጅት የቅጥር ክፍል ስሠራ እንዲህ ያሉ መልእክቶች በየሳምንቱ ይደርሱኝ ነበር። አንዳንዱን ከፍቼ እዚያው እመልሳለሁ። አንዳንዱን ግን «ነገ እመለስበታለሁ» ብዬ አቆየዋለሁ፤ ነገም ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ልዩነቱ የጸሐፊው ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ተራ በተራ ሳስተያያቸው ሌላ ነገር አየሁ። ቶሎ የመለስኩላቸው ሰዎች የጠየቁኝ በዚያ ሰዓት የማውቀውን ነገር ነበር። ያዘገየኋቸው ደግሞ እኔም ገና የማላውቀውን ጠይቀውኛል። ይህን ካየሁ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ዛሬም ለእናንተ ላጫውታችሁ።

የአንዲት ወዳጄን ነገር እንያዝ። በ2017 መስከረም ላይ በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅት ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ተወዳደረች። የመጀመሪያውን ኢንተርቪው አለፈች። ሁለተኛው ሰኞ መስከረም 6 ነበር። ከፊቷ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የመጋዘን ኃላፊው እና የኤችአሯ ሴት። የመጋዘን ቆጠራና የሒሳብ መዝገብ አልገናኝ ሲሉ ከየት እንደምትጀምር ጠየቋት፤ እሷም በደንብ መለሰች። ስትወጣ የኤችአሯ ሴት «በሁለት ሳምንት ውስጥ እናሳውቅሻለን» አለቻት። ሰኞ መስከረም 20 ጠዋት ወዳጄ ደወለችልኝና «ሁለት ሳምንት ሞላ፤ አለቀልኝ ማለት ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ አብረን ቀን ቆጠርን። ይህን ማንም አይቆጥረውም፤ መቆጠር ግን አለበት። ከማክሰኞ መስከረም 7 እስከ አርብ መስከረም 10 አራት የሥራ ቀን ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሌላ አራት ቀን አለው፤ ሐሙስ ግን መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። አርብ መስቀል ዋለ። ስለዚህ በወዳጄ ልብ ውስጥ አሥራ አራት ቀን ያለፈ ቢሆንም በቢሮው ያለፈው ስምንት የሥራ ቀን ነው፤ እሱም አንዱ ግማሽ ሆኖ። «ሁለት ሳምንት» ያለው የቅጥር ሠራተኛ በአእምሮው የያዘው አሥር የሥራ ቀን ነው። እንዲያ ከሆነ ጊዜው ገና አልሞላም።

ታዲያ በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር? ከውጭ ሲታይ ዝምታ ነው። ከውስጥ ግን ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዞራል። ፈታኞቹ እያንዳንዳቸው የሰጡት ነጥብ ይደመራል፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤውን ሁሉም መፈረም አለባቸው። አንዱ ለመስክ ሥራ ከወጣ ወረቀቱ እስኪመለስ ይጠብቀዋል። ፊርማው ካለቀ በኋላ የደመወዙ መጠን በፋይናንስ በኩል ይታያል፣ ሪፈረንስ ለሰጡ ሰዎች ይደወላል፣ መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል። የቅጥር ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ታስተባብራለች እንጂ አትወስንም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው፤ ደብዳቤውን የምንጽፍላት ሰው ውሳኔው በእጇ የለም።

ከዚህ የባሰ የሚያቆይ ሌላ ነገርም አለ። ድርጅቱ አንደኛ የወጣውን ሰው መርጦ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ደግሞ አሁን የሚሠራበት ቦታ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ይሰጣል። በዚህ መካከል የቀድሞ አለቃው ደመወዝ ጨምሮ ሊያስቀረው ይችላል፣ መልቀቂያውም ሊጓተት ይችላል። ስለዚህ ቅጥር ክፍሉ ሁለተኛ ለወጣችው ሰው «አልተመረጥሽም» ብሎ መጻፍ አይፈልግም፤ አንደኛው ቢቀር የምትጠራው እሷ ናት። «ሁለተኛ ነሽ፣ ጠብቂ» ማለትም ይከብደዋል። የሚቀረው ዝምታ ነው። ይህን ዝምታ እኔም ለብዙ ሰዎች አድርጌዋለሁ፤ ትክክል አልነበረም፣ ግን ከንቀት የመጣ እንዳልሆነ ልነግራችሁ እችላለሁ።

አሁን ወዳጄ በዚያ ሰኞ ጠዋት ጽፋ ያነበበችልኝን እንይ። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ወ/ሮ እገሊት፦ እንደሚታወቀው ከሁለት ሳምንት በፊት በድርጅታችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መጠይቅ የተደረገልኝ ሲሆን እስካሁን ድረስ ምንም ዓይነት ምላሽ ስላልተሰጠኝ ማለፌን ወይም አለማለፌን እንዲያሳውቁኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።»

ትምህርት ቤት ማመልከቻ አጻጻፍ የተማርን ሁሉ ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ጨዋ ይመስላል። ቀስ ብለን ስናነበው ግን ሦስት ችግር አለበት። «እንደሚታወቀው» ይላል፤ በዚያ ሳምንት አርባ ሰው ላናገረች ሴት ግን የሚታወቅ ነገር የለም፤ የትኛው ቦታ? የትኛው ቀን? ቀጥሎ «ምንም ዓይነት ምላሽ ስላልተሰጠኝ» ይላል፤ ይህ ወቀሳ ነው፣ መጨረሻ ላይ «በታላቅ ትሕትና» መጨመሩ ወቀሳውን አያነሳውም። ሦስተኛውና ዋናው «ማለፌን ወይም አለማለፌን» የሚለው ነው። ቃለ ጉባኤው ካልተፈረመ ሴትየዋ ሁለቱንም ማለት አትችልም። «አልፈሻል» ካለች ሥልጣኗ አይደለም፤ «አላለፍሽም» ካለች ውሸት ሊሆን ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን ዘግታ ትቀመጣለች። ወዳጄም የዝምታው ሦስተኛ ሳምንት ውስጥ ትገባለች።

ጥያቄውን ብቻ እንቀይረው። ውጤቱን ትተን ሂደቱ የት እንደደረሰና እስከ መቼ መጠበቅ እንዳለብን እንጠይቅ። ይህን ሴትየዋ ማንንም ሳታማክር ትመልሰዋለች፤ «ፊርማ ላይ ነው፣ ሌላ ሳምንት ይፈጃል» ለማለት ፈቃድ አያስፈልጋትም። ባታውቀው እንኳ ኢሜይሉን ለፋይናንስ ኃላፊው አስተላልፋ «ምን ልበላት?» ማለት ትችላለች። ይህ መተላለፍ የሚባለው ነገር ትልቅ ነው። እኛ ለአንድ ሰው የጻፍነውን አንብቦ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከመካከል የሚያነብ እንግዳ ሰው ሁሉን እንዲረዳው ሆኖ መጻፍ አለበት። ቀጣሪው በውጭ ኤጀንሲ በኩል ሰው የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ የኤጀንሲው ሠራተኛ እጁ ላይ ያለው የእኛ ኢሜይል ብቻ ነው፣ ለደንበኛው የሚልከው እሱን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። የመጨረሻው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፤

ሰኞ መስከረም 6 ቀን ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ሁለተኛውን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ ተወዳዳሪ ነኝ። ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፤ በመጋዘን ቆጠራው ላይ የተነጋገርነው የሥራውን ይዘት በደንብ አሳይቶኛል።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚገለጽ በነገሩኝ መሠረት፣ ሂደቱ አሁን የት እንደደረሰና እስከ መቼ መጠበቅ እንዳለብኝ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ምናልባት ከተመረጥሁ አሁን ለምሠራበት ድርጅት የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት ስላለብኝ፣ ቀኑን አስቀድሜ ባውቅ ለእናንተም ለእኔም ይመቻል። ከእኔ የሚጎድል ሰነድ ካለም በዚያው ቀን እልካለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከታች ሙሉ ስሟና ስልክ ቁጥሯ አለ። ሌላ ምንም የለም።

እዚህ ውስጥ የተከራከርንበትን ላሳያችሁ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ወዳጄ መጀመሪያ «በሁለት ሳምንት ውስጥ እናሳውቅሻለን ብለውኝ ነበር» ብላ ጽፋ ነበር። ሰዋስው ላይ ስሕተት የለውም። ግን «ብለውኝ ነበር» ሲባል ጆሯችሁ ላይ ምን ይሰማችኋል? «ታዲያ የት አለ?» የሚለው ከኋላው ተከትሎ ይመጣል። በአማርኛ ያ «ነበር» ያልተፈጸመ ቃል ኪዳን ይዞ ነው የሚመጣው። «በነገሩኝ መሠረት» ሲሆን ያው እውነት ነው፤ የሴትየዋ ቃል ግን የጥያቄው መነሻ ይሆናል እንጂ ክስ አይሆንም። «ቢያሳውቁኝ» እና «እንዲያሳውቁኝ»ም እንደዚሁ ናቸው። «እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ» የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ለገቢዎች ወይም ለወረዳ ሲጻፍ ቦታው ነው። «ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል» ግን ሰው ለሰው የሚናገረው ነው፣ እምቢ ለማለትም ቦታ ይተዋል።

የ30 ቀኑን ነገር የጨመርነው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ሲጠይቅ ይሉኝታ ይይዘውና «ላስቸግርዎት ባልፈልግም»፣ «ሥራ እንደሚበዛብዎ ባውቅም» እያለ ይቅርታ ይደረድራል። ይቅርታ የሚያስፈልገው ምክንያት ለሌለው ጥያቄ ነው። ወዳጄ ቀኑን የምትፈልግበት እውነተኛ ምክንያት አላት፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀጣሪውንም ይነካዋል፣ እሷን ቢመርጡ ወንበሩ ሌላ ወር ባዶ ይቆያል። ይህን ያነበበ ሰው ቀን ለመንገር የራሱ ምክንያት ያገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ነግሬአታለሁ፤ ማስታወቂያውን የምትሰጠው የተፈረመ የሥራ ውል እጇ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። «በቃ አንቺ ነሽ» የሚል ስልክ ውል አይደለም።

አንዳንዱ «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» ብሎ መጻፍ ያፈጥናል ይላል። እውነት ከሆነ በእርግጥ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ሳምንት መጠበቅም አያስፈልግም፣ የሌላው ድርጅት መልስ የሚፈልግበትን ቀን ጠቅሶ በዚያው ዕለት ነው። ፈጥሮ መጻፍ ግን አደገኛ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ኢሜይል ደርሶኝ፣ አለቃዬ «እንግዲያው መልካም ዕድል በሏት» ብሎ ፋይሉን ሲዘጋ አይቻለሁ። ልጅቷ በኋላ ደውላ ሌላው ቦታ እንደቀረ ስትነግረኝ የምላት ነገር አጣሁ።

አጠራሩም አሳስቦን ነበር። ሴትየዋ ኢንተርቪው ላይ ወዳጄን «አንቺ» ብላታለች፣ በዕድሜም ብዙ አይራራቁም። ቢሆንም በጽሑፍ «እርስዎ» ነው፤ ወረቀቱን የፋይናንስ ኃላፊውም ያነበዋል። «ወይዘሮ» ይሁን «ወይዘሪት» የሚለውን ራሷ ከፈረመችበት ኢሜይል አየን። እዚያ ባይኖር ኖሮ ማዕረጉን ትተን ስሟን ብቻ ጽፈን ግሡን በ«እርስዎ» እንይዘው ነበር፤ ተሳስቶ ከመዳር ወይም ከማፋታት ያ ይሻላል። ቋንቋውም እነሱ ለኢንተርቪው ሲጠሯት የጻፉበት ነው። በእንግሊዝኛ ጽፈው ቢሆን በእንግሊዝኛ እንመልስ ነበር፤ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል ያው ነው።

የላከችውም አዲስ ኢሜይል ከፍታ አይደለም። ለሁለተኛው ኢንተርቪው የጠሯትን ኢሜይል ከፍታ እዚያው ላይ መለሰች። እንዲህ ሲሆን የቦታው ስም፣ የማስታወቂያው ቁጥርና የቀጠሮው ቀን ከሥር ይታያሉ፤ ሴትየዋ ፋይል ማገላበጥ አይኖርባትም። ቀኑን ማክሰኞ መስከረም 21፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አደረግነው። ሰኞ ከረዥም በዓል የተመለሰ ሰው ሳጥኑ ሞልቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከመቶ ኢሜይል መካከል መጥፋት ቀላል ነው።

ስልክስ? መደወል ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ስልክ ያነሳ ሰው እዚያው መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል፣ የማያውቀውን ሲጠየቅ «እንደውልልሻለን» ይልና ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መጻፍ ድርቅና ይመስላል። በቴሌግራም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጻፍ ደግሞ ሥራውን ቤቷ ድረስ ይዞ መግባት ነው፤ እነሱ ራሳቸው በቴሌግራም ካላወሩን በቀር ይቅር። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ግን ውስጥ ያለ ሰው ፈልጎ ማስጠየቅን ነው። የወዳጄ አጎት «እዚያ የማውቀው አለ፣ ላስጠይቅልሽ» ብሏት ነበር። አጎቷ ለመርዳት ነው። ቅጥር ክፍሉ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ነጥብ የሰጡት ሰዎች ይጨነቃሉ፤ ልጅቷ በራሷ ችሎታ አንደኛ ወጥታ ቢሆን እንኳ አሁን «በሰው ነው» ይባላል ብለው ይፈራሉ። ጥሩ ውጤት ያላቸው ሰዎች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ።

መልሱ በማግስቱ ረቡዕ መጣ። «ከፈታኞቹ አንዱ ለመስክ ሥራ በመውጣታቸው ቃለ ጉባኤው አልተጠናቀቀም፤ እስከ ጥቅምት 1 እናሳውቃለን» ይላል። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ወዳጄ «አሁንም አልታወቀም» ብላ አዘነች፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ቀን ሰጥተዋታል። ቀን የሌለው «ሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ቢሆን ኖሮ ብዙ አይነግረንም ነበር፤ ያ ለአንደኛውም ለአምስተኛውም ተወዳዳሪ የሚላክ ቃል ነው። ስለ ሪፈረንስ ወይም ስለ ደመወዝ ፍላጎቷ ቢጠይቋት ደግሞ ነገሩ ወደ እሷ እየቀረበ እንደሆነ በገባን ነበር፤ ያን ያህል ድካም ለማይቀጥሩት ሰው አይደክሙም። ጭራሽ ባይመልሱ ኖሮ ሌላ ሳምንት ጠብቀን፣ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ መስመር ጨምረን እንተወው ነበር። ሁለት ጊዜ ተጽፎለት ያልመለሰ ሰው ሦስተኛውንም አይመልስም።

ጥቅምት 1 አርብ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኢሜይል ደረሳት፦ ሌላ ተወዳዳሪ ተመርጧል፣ እሷ ተጠባባቂ ሆናለች። አለቀሰች ብዬ ብነግራችሁ አልዋሽም። ማታ ግን ተረጋግታ ደወለችልኝና «ተጠባባቂ ማለት እስከ መቼ ነው?» አለችኝ። እኔ ልጠይቃት ያሰብኩትን ነው የጠየቀችው። የተመረጠው ሰው በዚያ ሰሞን ማስታወቂያ ሰጥቶ ከሆነ 30 ቀኑ ኅዳር 1 ገደማ ይሞላል፤ ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ማስላቱ ቀላል ነው። ኅዳር 1 እሑድ ስለሚውል ሰኞ ኅዳር 2 ቢሮ ይገባል ወይም አይገባም።

በዚያው ምሽት «ስለ ግልጽ መልሳችሁ አመሰግናለሁ፤ ተጠባባቂ ሆኜ መቆየቴን በደስታ እቀበላለሁ» ብላ መለሰች። ከዚያ ለሌሎች ሁለት ቦታዎች አመለከተች። ኅዳር 4 ረቡዕ ጠዋት በዚያው ኢሜይል ላይ «ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ቦታ ተጠባባቂ ሆኜ ነበር፤ ቦታው ተይዞ እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል» ብላ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ «ሠራተኛው ሥራ ጀምረዋል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ወዳጄ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የድርጅቱን ስም በእስክሪብቶ ሰረዘችና ለሐሙስ ጠዋቱ ኢንተርቪው ልብሷን መተኮስ ጀመረች።